ከእራት በፊት ሰባት ደቂቃ

የዛሬ አራት ዓመት የመሥሪያ ቤታችንን ዓመታዊ የሠራተኞች የምስጋና እራት በንግግር የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጅ ከሆንኩ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ስለነበር ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቼበታለሁ። አምስት ገጽ ሞላ። የዓመቱ ዕቅድና ክንውን፣ የሽያጭ ዕድገት በመቶኛ፣ የሚቀጥለው ዓመት ግቦች፣ በመጨረሻም የክፍሎች ዝርዝር ከነምስጋናቸው። አንብቤ ስጨርስ 24 ደቂቃ ሄዷል።

የመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ባልደረቦች በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር። የክፍሎችን ስም መጥራት ስጀምር ከመካከላቸው አንዷ ወንበሯን ወደ መድረኩ አዙራ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ዝርዝሩን ጨርሼ «እንግዲህ እራት ቀርቧል» ስል ወንበሯን ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። ያን ሰዓት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከሁለት ቀን በኋላ የፈረቃው ኃላፊ ለሌላ ጉዳይ ቢሮዬ መጡ። ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲወጡ የበሩን እጀታ እንደያዙ ዘወር ብለው «እኛንም ይጠሩናል ብለን ነበር» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ንግግር ሦስት ጊዜ አድርጌያለሁ፤ በየዓመቱም የማስተካክለው አላጣሁም። አሁን የሚፈጀው ሰባት ደቂቃ ነው፤ 11 ክፍሎች ይጠሩበታል፣ አንድም ሰው አይቀርበትም። የምጽፈው ዘንድሮ ይህ ተራ ለደረሳችሁ ነው። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሽልማቱና ስለ ሙዚቃው የምለው የለኝም፤ የማውቀው ከእራት በፊት ያለችውን ያችን አጭር ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የመረመርኩት የሌሊት ፈረቃው እንዴት እንደተዘለለ ነው። ዝርዝሩን የወሰድኩት ከመዋቅር ሠንጠረዡ ነበር። እዚያ ላይ «መጋዘን» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ አለ። እኔም «የመጋዘን ክፍል» ብዬ ጠራሁ፤ የቀን ፈረቃው ተነሥቶ ተጨበጨበለት፤ የሌሊቶቹ የእነሱ ስም ለብቻው ይመጣል ብለው ተቀምጠው ቀሩ። በወረቀት አንድ ክፍል ናቸው። በሥራ ግን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ የሚተዋወቁት በር ላይ ነው፣ አለቃቸውም የተለያየ ነው። መዋቅር የሚያሳየው ማን ለማን እንደሚታዘዝ እንጂ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደሚውል አይደለም። ሰው ደግሞ «እኛ» የሚለው አብሮት የሚውለውን ነው።

ስለዚህ አሁን የምነሣው ከደመወዝ መክፈያው ነው። እያንዳንዱን ስም በጣቴ እየተከተልኩ «ይህ ሰው የትኛው ስም ሲጠራ ነው የሚነሣው?» እላለሁ፤ መልሱን ከጎኑ በእርሳስ እጽፋለሁ። 140 ስም ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። መልስ ያጣሁለት ስም ካለ አንድ ቡድን ጎድሎብኛል ማለት ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችን የሚከፈላቸው በሌላ ድርጅት በኩል ስለሆነ በእኛ መክፈያ ላይ ስማቸው የለም። እነሱን ያገኘኋቸው በር ላይ ካለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳላደርግ የክፍሎችን ዝርዝር አልዘጋም።

ቀጥሎ የሚመጣው ለእያንዳንዱ ቡድን ምን እንደሚባል ነው። ይህ ከሁሉ በላይ ልፋት የጠየቀኝ ክፍል ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የክፍል ኃላፊዎችን «ስለ ቡድናችሁ ሁለት መስመር ላኩልኝ» ብያቸው ነበር። የመጣልኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ትጉህ፣ ታታሪ፣ በቡድን መንፈስ የሚሠራ፣ ያለ ዕረፍት የሚተጋ። የፋይናንሱን ለግዥ፣ የግዥውን ለሽያጭ ባነበው ማንም ልዩነቱን አያውቅም ነበር። ኃላፊዎቹ ሰንፈው አይደለም። ሰው የራሱን ቡድን ሲያወድስ ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ማንንም የማያስቀይም ጠቅላላ ቃል ይመርጣል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ማንንም ስለ ራሱ ቡድን አልጠይቅም፤ ስለ ጎረቤቱ እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም በጽሑፍ ሳይሆን በየክፍሉ እየዞርኩ፣ ከእራቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ነው። ጥያቄው ይህች ብቻ ናት፦ «በዚህ ዓመት የሌላ ክፍል ሰው ባይደርስላችሁ ኖሮ ሥራችሁ ይቆም የነበረበት አንድ ቀን ንገሩኝ።» ቀን ስለጠየቅኳቸው ታሪክ ይነግሩኛል፤ «ታታሪ ናቸው» የሚል መልስ ለዚህ ጥያቄ አይገጥምም። ከኃላፊው በተጨማሪ ቢያንስ አንድ ተራ ሠራተኛ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚገርመውን ነገር የሚነግረኝ እሱ ነው።

አንዱን ከጥሬው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። ሹፌሮቹን ስጠይቅ አንዱ እንዲህ አለኝ፦ ዕቃ ጭኖ ሲሄድ ጎማ ፈነዳ፣ ትርፍ ጎማውም አልሠራ አለ፣ ሰዓቱ ከሥራ መውጫ በኋላ ነበር፣ በኪሱ ያለው ገንዘብ አልበቃውም። ቢሮ ቢደውል ማንም የለም። በመጨረሻ ገንዘብ ያዧን በግል ስልኳ አገኛት፤ ተመልሳ መጥታ ካዝናውን ከፍታ ላከችለት። በማግስቱ ጠዋት ዕቃው ደረሰ። እሱ ሲነግረኝ ጎማውን በእጁ እያሳየኝ ነበር፤ የቱ ጋ እንደተቀደደ ሁሉ ያስታውሳል።

ይህ ለፋይናንስ ቡድን የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ግን እንዳለ አልወሰድኩትም። የጥሬ ገንዘብ መዝገቡን ሳይ በዚያ ምሽት ወጪው ላይ ሁለት ፊርማ አለ። ካዝናው የሚከፈተው ለሁለት ስለሆነ ሌላም ሰው ተመልሶ ነበር፤ እሱም ከዚያው ከፋይናንስ ነው። ሹፌሩ ስለ ሁለተኛው ሰው አያውቅም። እኔ በሹፌሩ ቃል ብቻ «ገንዘብ ያዣችን» ብል ኖሮ አንዱን አመስግኜ ሌላውን ፊቱ ላይ እዘል ነበር። ከዚያም ገንዘብ ያዧን ጠርቼ «ይህን እራት ላይ ላነሣው አስቤያለሁ፤ ፈቃድሽ ነው?» አልኳት። ፈቀደች፤ ግን ያን ማታ ልጇን ከጎረቤት ትታ እንደመጣች እንዳይነሣ ለመነችኝ። ሹፌሩ ይህንንም ነግሮኝ ስለነበር ባልጠይቃት አሳምሬ እናገረው ነበር። ለእኔ ልብ የሚነካ ታሪክ ለእሷ የቤቷ ጉዳይ ነው። ፈቃድ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ አንዴም አልቆጨኝም።

ማጣራቱን የተማርኩት ስቼ ነው። በሁለተኛው ዓመት «አይቲዎች የጠፋውን የትዕዛዝ መዝገብ መለሱልን» ብዬ አመሰገንኩ፣ ተጨበጨበ። ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ የአይቲው ኃላፊ አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ብሎ በጆሮዬ «መዝገቡን የመለሱት የደንበኞች ስልክ የሚቀበሉት ልጆች ናቸው፤ በእጅ ጽፈው ያስቀመጡትን ሁለት ቀን ሙሉ መልሰው አስገቡ። እኛ ማሽኑን ነው ያስነሣነው» አለኝ። ዞር ብዬ የስልክ ክፍሉን ጠረጴዛ ሳይ እየበሉ ነበር፤ ወደ እኔ ያየ የለም። እራቱ ሳያልቅ ማይክ ተቀብዬ ቃሌን አረምኩ፤ ጥሩ ሆነ ግን እንደመጀመሪያው አይሆንም። ካርዱ ላይ የምጽፈውን እያንዳንዱን ነገር አሁን ለሁለት ሰው አነባለሁ፦ ድርጊቱን ለነገረኝ ሰውና ከተመስጋኙ ቡድን ለምተማመንበት አንድ ሰው። ሁለቱ ካልተስማሙ ያንን ትቼ ሌላ ታሪክ እፈልጋለሁ።

ስለ ግለሰብ ስም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በዚህ በመክፈቻው ንግግር የማንንም ስም አልጠራም። ከአንዱ ቡድን ሁለት ሰው ጠርቼ ከሌላው ባልጠራ ያልተጠራው ያስባል፤ ከሁሉም ልጥራ ብል ንግግሩ የስም ጥሪ ይሆናል። ድርጊቱን በትክክል ከተናገርኩ ሰውየውን ጠረጴዛው ራሱ ያሳየዋል፤ ሁሉም ዞሮ ያየዋል፣ ጎኑ ያለው ትከሻውን ነካ ያደርገዋል። ጡረታ የሚወጡና ልዩ ሽልማት የሚቀበሉ ስማቸው የሚጠራበት የራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ከዚህ ጋር አልቀላቅላቸውም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። በአማርኛ ንግግር ስንጽፍ እጃችን ሳናውቀው ወደ ሪፖርት ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓመት ጽሑፌ ላይ ስለ መጋዘን የነበረው ይህ ነው፦

«የመጋዘን ክፍሉ በበጀት ዓመቱ የዕቃ አያያዝ ሥርዓቱን በማሻሻልና ብክነትን በመቀነስ ረገድ አመርቂ ውጤት ማስመዝገቡ ይታወቃል።»

ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሠራተኛው በውስጡ የለም፤ ያለው «ክፍሉ» ነው። አድራጊው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስለሌለ ሰው እንደሚወራ በሦስተኛ መደብ ይነገራል። ግሱም ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው የሚመጣው፤ በወረቀት ላይ ዓይን ይመለሳል፣ ጆሮ ግን አይመለስም፤ «ማስመዝገቡ ይታወቃል» ላይ ስደርስ ሰሚው መነሻውን ረስቶታል። ባለፈው ዓመት ለሌሊት ፈረቃው ያልኩት ደግሞ ይህ ነው፦

«የሌሊት ፈረቃ የመጋዘን ባልደረቦቻችን፤ ጣሪያው ያፈሰሰ ሌሊት 60 ካርቶን በእጃችሁ አነሣችሁ። ጠዋት ስንገባ አንዱም አልራሰም።»

«እናንተ» ብሎ መጀመር፣ ግሱን ቶሎ ማምጣት፣ «ተሠርቷል» የሚለውን ሁሉ «ሠራችሁ» ማድረግ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ በአንደኛው ያደረጉት፣ በሁለተኛው ለሌላው ሰው የተረፈው። «ረገድ»፣ «አኳያ»፣ «አመርቂ»፣ «የማይተካ ሚና» የሚሉ ቃላት ካርዱ ላይ ካገኘሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ እነዚህ ቃላት የሚመጡት የተጨበጠ ነገር ሳላገኝ ስቀር እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ቁጥር ከተባለም አንድ ይበቃል፤ እሱም ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ይሁን። 60 ካርቶን ይታያል። «የ12 በመቶ ቅናሽ» አይታይም።

የጥሪውን ቅደም ተከተል በተመለከተ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። በመዋቅሩ ስሄድ ጽዳትና ጥበቃ ሁልጊዜ መጨረሻ ሆኑ፤ በሰው ብዛት ሳደርገው ሦስት ሰው ያለው አይቲ ከ40 ሰው ሽያጭ ብዙ ቆይቶ መጥቶ ጭብጨባው አነሰበት፤ በፊደል ተራ ሳደርገው ደግሞ ንግግሩ ክር የሌለው ዶቃ ሆነ። አሁን የምከተለው የሥራ ቀኑን ሰዓት ነው። ንጋት ላይ በሩን የሚከፍቱት ጥበቃዎች ይጀምራሉ፤ ከእኛ ቀድመው የሚገቡት ጽዳቶች ይከተላሉ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ስልክ የሚያነሡት፣ ከዚያ ትዕዛዙን የሚቀበለው ሽያጭ፣ የሌለውን ዕቃ የሚፈልገው ግዥ፣ ክፍያውን የሚያስኬደው ፋይናንስ፣ ሁላችንን የሚያገናኘን አይቲ፣ ሰው ሲጎድል የሚሞላው የሰው ሀብት፣ ዕቃውን አዘጋጅቶ የሚያስረክበው የመጋዘን የቀን ፈረቃ፣ ጭነው የሚወጡት ሹፌሮች። እኛ ስንተኛ የሚረከቡት የሌሊት ፈረቃዎች ይዘጉታል፤ ጠዋት ቁልፉን የሚመልሱት ደግሞ መልሰው ለጥበቃዎቹ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ሁለት ነገር አቀለለልኝ። አንደኛ፣ ማንም «ለምን እኔ መጨረሻ?» አይልም፤ ሰዓቱ ነው። ሁለተኛ፣ ካርዴ ቢጠፋብኝ እንኳ ቀኑን በአሳቤ ስከተል ቡድን አይዘለልብኝም። ቀኑን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ የለም።

ሰዓቱን እንዲህ ነው የማሰላው። ማይክ ይዤ በእርጋታ ስናገር በደቂቃ የማወጣው ወደ 90 ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ ለራሴ ሳነብ ከዚህ በብዙ እፈጥናለሁ፣ ስለዚህ የቤት ልኬት ያታልላል። የእናንተን ለማወቅ ቆማችሁ፣ ክፍል ጥግ ላለ ሰው እንደምትናገሩ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቅዱና ቃላቱን ቁጠሩ። በእኔ ፍጥነት ለአንድ ቡድን 30 ቃል ማለት 20 ሴኮንድ ነው። ለ11 ቡድን ሦስት ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሆናል። ጭብጨባውን መርሳት የለም፤ ለእያንዳንዱ አምስት ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። መግቢያው አንድ ደቂቃ፣ መዝጊያው 40 ሴኮንድ። ስድስት ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው፤ የቀረው ለሳቅና ለዝምታ ነው።

መግቢያው ላይ ዕቅድና ክንውን አይገባም። የሚቀጥለው ዓመት ግብም፣ ማሳሰቢያም አይገባም። በተለይ ያልጸደቀ ነገር አይነሣ። በመጀመሪያው ዓመት በሰዓቱ ሙቀት ተወስጄ የትራንስፖርት አበል ጉዳይ «በቅርቡ ይስተካከላል» ብዬ ነበር፤ ጉዳዩ ገና በቦርድ አልታየም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ማይክ ይዤ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ያለፈው ዓመት መግቢያዬ እንዳለ ይኸው፦

«እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ማታ ሪፖርት የለም። ስለ አንድ የሥራ ቀን ልነግራችሁ ነው፤ ከንጋት እስከ ንጋት። ቀኑ የሁላችሁም ስለሆነ የየክፍላችሁ ሰዓት ሲደርስ ባላችሁበት እጃችሁን አንሡልን፣ እንያችሁ። አሁን እዚህ የሌሉ፣ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦች አሉን። የእነሱም ሰዓት ሲደርስ እንጠራቸዋለን። እንግዲህ ገና አልነጋም። በሩ ተዘግቷል። ቁልፉን የያዙት ጥበቃዎቻችን ናቸው።»

ከዚህ ወደ መጀመሪያው ካርድ በቀጥታ እገባለሁ፦ «ጥበቃዎቻችን፤ በዚህ ዓመት መታወቂያ የረሳውን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ መዝግባችሁ ነው ያስገባችሁ። ለእኔም ለአዲሱም ሠራተኛ ደንቡ አንድ ነበር፤ በዚህ ዓመት ከግቢያችን አንድ ዕቃ አልጠፋም።» ይህን ስል አዳራሹ ሳቀ፤ ጥበቃዎቹም ሳቁ፣ በር ላይ ያቆሙኝን ቀን ሁሉም ሰምቶት ነበርና።

«እጃችሁን አንሡልን» ያልኩት በምክንያት ነው። በሦስተኛው ዓመት የተጠራው ቡድን ቆሞ እንዲቆይና መጨረሻ ላይ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ እንዲገኝ አድርጌ ነበር። በሐሳብ ደረጃ አምሮኝ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የተጠሩት ባልደረቦች አምስት ደቂቃ ያህል ቆሙ፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አባት ወንበሩን ተደግፈው ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ከመድረክ አየሁ። ሊያከብራቸው የታሰበው ነገር አደከማቸው። አሁን የፈለገ ይነሣል፣ ያልፈለገ እጁን ያነሣል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ይቀመጣል። በመጨረሻ የምንቆመው እኛ ኃላፊዎች ነን፤ ቆመን ለተቀመጡት እናጨበጭባለን።

ስለ አዳራሹ ሁለት ነገር ብቻ። ከመስተንግዶው ኃላፊ ጋር ቀድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንስማማለን፤ «ቁልፉ ተመልሷል» እስክል ድረስ ሳህን አይወጣም። አንድ ዓመት ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ግዥን ስጠራ ምግቡ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የተጠሩት አምስት ቡድኖች የተመሰገኑት በሳህን ኳኳታ መካከል ነው። ማይኩን ደግሞ የምሞክረው አዳራሹ ባዶ ሳለ ሳይሆን ግማሽ ያህሉ ሰው ከገባ በኋላ ነው፤ ሰው ሲሞላ ድምፅ ይዋጣል። አንድ ሰው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ቆሞ እንዲሰማኝ አደርጋለሁ። ያ ጠረጴዛ ከሰማ ሁሉም ሰምቷል።

ጽሑፉን በሙሉ ወረቀት ላይ አልይዝም። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ካርድ አለ፤ በእጅ፣ በትልልቁ የተጻፈ፣ ቢወድቅ እንዲሰበሰብ ጥጉ ላይ ቁጥር ያለው። የእራት አዳራሽ መብራት ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው፤ በኮምፒውተር የታተመ ደቃቅ ጽሑፍ መድረክ ላይ አይነበብም። ስልክ ላይ ማንበብም ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ሰዎች ፊቴን ሳይሆን የስልኩን ጀርባ ነው የሚያዩት።

በዚያ ምሽት ሥራ ላይ ያሉትን አልረሳም። እራቱ ከመጀመሩ በፊት ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ካርዳቸውን ይዤ ወደ ሥራ ቦታቸው እሄዳለሁ። ማታ በአዳራሹ የምለውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊታቸው ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በአዳራሹ ስማቸው ሲጠራ የፈረቃው ሌሎች ባልደረቦች እጃቸውን ስለነሱም ያነሣሉ።

ካርዶቹን እራቱ ሲያልቅ ለየቡድኑ ኃላፊ እሰጣለሁ። ይህን የጀመርኩት ባለፈው ዓመት የፈረቃው ኃላፊ ራሳቸው «ያችን ወረቀት ይስጡኝ» ስላሉኝ ነው። ከሳምንት በኋላ ለቆጠራ ወደ መጋዘን ስወርድ የፈረቃ ተራ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ካርዱን አገኘሁት። ጥጉ ላይ 11 ቁጥር አለ፤ መጀመሪያ «50 ካርቶን» ብዬ ጽፌ ሁለቱ ምስክሮች ሲያርሙኝ በእርሳስ ሰርዤ «60» ያደረግኩት ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክርቢቶ የዚያን ሌሊት ፈረቃ የገቡትን የሰባቱን ሰዎች ስም ጽፎበታል።